የቤት መረብን ከማስታወቂያና ከክትትል መጠበቅ፦ የዲኤንኤስ መስመጫ የሚያየውና የሚያመልጠው

አንድ ሰው በስልኩ የዜና ገጽ ሲከፍት ስልኩ የሚያነጋግረው የዜና ተቋሙን ሰርቨር ብቻ አይደለም። በገጹ ውስጥ የተጻፉት መመሪያዎች ስልኩን ወደ ሌሎች በርካታ ሰርቨሮች ይመሩታል። አንዱ ሥዕሉን፣ ሌላው ማስታወቂያውን፣ ሌላው ደግሞ አንባቢው ከየትኛው ገጽ እንደመጣና የትኛውን ርዕስ እንደነካ የሚመዘግበውን ጥቂት መስመር ኮድ ያቀርባል። አንባቢው የሚያየው አንድ ገጽ ሲሆን ከገጹ በስተጀርባ ግን የማያውቃቸው ተቋማት ቆመዋል። ከእነዚህ ሰርቨሮች ከማንኛውም ጋር ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት አንድ ተመሳሳይ ነገር ይፈጸማል፦ ስልኩ የሰርቨሩን ስም ይዞ ቁጥራዊ አድራሻውን ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሥርዓት ከ1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደረጃ የተደነገገው የስሞች ሥርዓት፣ በተለምዶ ዲኤንኤስ የሚባለው ነው።

መላውን ቤት በአንድ ጊዜ ከማስታወቂያ የሚጠብቀው ዘዴ የተመሠረተው በዚህች ቅጽበት ላይ ነው። በቤቱ መረብ ውስጥ አንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ይቀመጥና የቤቱ ዕቃዎች ሁሉ የስም ጥያቄያቸውን ለእርሱ እንዲያቀርቡ ይደረጋል። ኮምፒውተሩ የታገዱ ስሞች ዝርዝር አለው። የተጠየቀው ስም በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጥያቄውን በኢንተርኔት ላይ ላለ ስም ፈቺ ሰርቨር አሳልፎ የተገኘውን መልስ ይመልሳል፤ ካለ ደግሞ ወደየትም የማያደርስ አድራሻ ይሰጣል። ዘዴው በእንግሊዝኛ አጠራሩ ሲንክሆል ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ መስመጫ ተብሏል፤ ወደ እርሱ የገባ የታገደ ጥያቄ ሰምጦ ይቀራልና። ለቤት አገልግሎት በስፋት ከሚታወቁት መካከል በ2014 የተጀመረው ፓይ-ሆል የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይገኛል። 512 ሜጋባይት ራም ባለው አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ያለችግር ይሠራል።

የመስመጫው ጥንካሬም ሆነ ድክመት የሚመነጨው ከአንድ ነገር ነው፤ የሚያየው ስም ብቻ ነው። የገጹን ይዘት አያነብም፣ የሚተላለፈውን ዳታ አይነካም፣ ከስሙ በኋላ የሚመጣውን የድረ ገጽ አድራሻ ክፍል አያውቅም። በዚህም ምክንያት ተጨማሪ ሶፍትዌር ሊጫንባቸው የማይችሉ እንደ ቴሌቪዥን ያሉ ዕቃዎችንም ይሸፍናል። በ2019 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት ከቴሌቪዥን ጋር በሚያያዙ ሁለት የታወቁ የኢንተርኔት ሥርጭት መሣሪያዎች ላይ ያሉ ጣቢያዎችን መርምሮ በአንደኛው 69 በመቶ፣ በሌላኛው 89 በመቶ በሚሆኑት ላይ የክትትል ሰርቨሮችን አግኝቷል። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የኮምፒውተር ማሰሻ ላይ እንደሚደረገው የማስታወቂያ ማገጃ መጫን አይቻልም። ለእነርሱ የቀረው መቆጣጠሪያ መረቡ ራሱ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ለማየት በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ይታሰብ። ቤቱ በመስመር ኢንተርኔት ይጠቀማል፤ ራውተሩን ያቀረበው አገልግሎት ሰጪው ነው። ሁለት ስልኮች፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ታብሌትና አንድ ስማርት ቴሌቪዥን አሉ። ራውተሩ አድራሻው 192.168.1.1 ነው። የቤቱ ታላቅ ልጅ መስመጫውን ጭና 192.168.1.2 የሚል ቋሚ አድራሻ ሰጠችው። አድራሻው ቋሚ መሆኑ የግድ ነው፤ በማግስቱ ወደ 192.168.1.7 ቢቀየር የቤቱ ዕቃዎች ሁሉ በሌለ በር ያንኳኳሉ። ከዚያም ከላፕቶፑ የሚከተለውን ሙከራ አደረገች።

```
dig +short ad.doubleclick.net @192.168.1.2
0.0.0.0
```

የመጀመሪያው መስመር ትእዛዙ ነው፤ ለ192.168.1.2 የቀረበ፣ የአንድ የታወቀ የማስታወቂያ ሰርቨር አድራሻ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ። ሁለተኛው መልሱ ነው። 0.0.0.0 የትኛውንም ሰርቨር የማያመለክት አድራሻ ስለሆነ ማሰሻው ግንኙነቱን ወዲያው ትቶ የቀረውን ገጽ መጫኑን ይቀጥላል። ቀደም ባሉት ዓመታት መስመጫው የራሱን አድራሻ መልሶ በማስታወቂያው ፈንታ ባዶ ገጽ ያቀርብ ነበር። ድረ ገጾች ወደ ተመሰጠረ ግንኙነት ሲሸጋገሩ ይህ አሠራር ችግር አመጣ፤ መስመጫው የማስታወቂያ ድርጅቱ የምስክር ወረቀት ስለሌለው ማሰሻው ይጠራጠራል ወይም መልስ እየጠበቀ ይዘገያል። ባዶው አድራሻ ተመራጭ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙከራው ተሳክቷል። ሆኖም ሙከራው ያረጋገጠው መስመጫው ሲጠየቅ በትክክል እንደሚመልስ ብቻ ነው። የቤቱ ዕቃዎች በእርግጥ እርሱን ይጠይቁ እንደሆነ አልተረጋገጠም። በተግባር አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲሆን ብዙ የመጫኛ መመሪያዎች ግን እዚህ ላይ ያበቃሉ።

አንድ ዕቃ ወደ ቤቱ መረብ ሲገባ የራሱን አድራሻም ሆነ ስም የሚጠይቅበትን ሰርቨር የሚነግረው በራውተሩ ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ የተባለ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ልጅቷ በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ገብታ የዲኤንኤስ ሰርቨር በሚለው ቦታ 192.168.1.2 አስገባች። በቅንብሩ ላይ ሁለተኛ ሰርቨር የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ መስመጫው ቢጠፋ ቤቱ ኢንተርኔት እንዳያጣ በማለት የታወቀውን 8.8.8.8 ሞላችበት። ይህ ጥንቃቄ የሚመስል ስሕተት ነው። ሁለተኛው ሰርቨር የመጀመሪያው ሲሞት ብቻ የሚጠየቅ ተጠባባቂ አይደለም። ዕቃዎች ሁለቱን ሰርቨሮች በእኩል ደረጃ ሊያዩአቸው ይችላሉ፤ አንዳንዱ ፈጥኖ የመለሰውን ይይዛል፣ አንዳንዱ እያፈራረቀ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አንድ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ አይመለስም። ምልክቱም ግራ የሚያጋባ ነው፤ በአንዱ ስልክ ላይ ማስታወቂያ ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት ይመጣል። መስመጫው ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አንዳንዴ» ከሆነ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ሁለተኛው ሰርቨር ነው። ተጠባባቂ ማስቀመጥ የሚፈልግ ቤት ሁለተኛ መስመጫ ማቆም ይኖርበታል እንጂ የውጭ ሰርቨር አድራሻ ማስገባት የለበትም።

ልጅቷ ሁለተኛውን አድራሻ ካጠፋች በኋላ የመስመጫውን መዝገብ ተመለከተች። መዝገቡ እያንዳንዱ ጥያቄ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ዕቃ፣ ለየትኛው ስም እንደቀረበና ታግዶ ወይም አልፎ እንደሆነ በመስመር በመስመር ያሳያል። በቤቱ አምስት ዕቃዎች እያሉ በመዝገቡ የሚታዩት ሦስት ነበሩ። ላፕቶፑ፣ ታብሌቱና አንዱ ስልክ አሉ፤ የእናቷ ስልክና ቴሌቪዥኑ የሉም። እዚህ ላይ መዝገቡን የማንበብ ዘዴ መታወቅ አለበት፤ ትልቁ መረጃ ያለው በተጻፈው ላይ ሳይሆን በጎደለው ላይ ነው። የታገዱ ጥያቄዎች መቶኛ በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ቢታይም ስለ ሽፋኑ ምንም አይናገርም፤ ጨርሶ ያልጠየቀ ዕቃ በመቶኛው ውስጥ አይገባምና። (ሌላም የተለመደ ሁኔታ አለ፤ ሁሉም ጥያቄ ከ192.168.1.1 የመጣ ሆኖ ከታየ የመስመጫው አድራሻ የገባው በዲኤችሲፒ ቦታ ሳይሆን ራውተሩ ራሱ በሚጠይቅበት ቦታ ነው ማለት ነው። እገዳው ይሠራል፤ የትኛው ዕቃ ምን እንደጠየቀ ግን መለየት አይቻልም።)

የእናቷ ስልክ ጉዳይ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ተገኘ። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ባሉ ስልኮች «የግል ዲኤንኤስ» የሚል ምርጫ አለ። ምርጫው በራስ ሰር ላይ ከሆነ ስልኩ በመረቡ የተነገረውን ሰርቨር በተመሰጠረ መንገድ ለማነጋገር ይሞክራል፤ ካልተሳካለት በተለመደው መንገድ ይጠይቃል። ይህ ለመስመጫው እንቅፋት አይሆንም። የአንድ አገልግሎት ስም በግልጽ ተጽፎበት ከሆነ ግን ስልኩ ጥያቄውን ሁሉ አመስጥሮ በ853 ቁጥር በር በኩል በቀጥታ ወደዚያ ይልካል፤ የቤቱን መስመጫ አይመለከትም። በዚህ ቤት አንድ ሰው ከዓመት በፊት ለፍጥነት ብሎ `dns.google` ሞልቶበት ነበር። በራውተሩ ላይ 853ን መዝጋት ቢቻልም ስልኩ በጥብቅ ምርጫ ላይ ስላለ ወደ ተለመደው መንገድ አይመለስም፤ ኢንተርኔት የለም ይላል። ቀላሉ መፍትሔ ምርጫውን ወደ ራስ ሰር መመለስ ሲሆን እንዲሁ ተደረገ።

ከዚህ የሚመሳሰል ነገር በማሰሻዎችም አለ። በ2018 የወጣው ደረጃ የስም ጥያቄ በተራ የተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት ውስጥ ተሸፍኖ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ይህ ከ853 በር ይለያል፤ ጥያቄው እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ በ443 በር ስለሚያልፍ ራውተሩ ሊለየው አይችልም። ፋየርፎክስ ይህን ዘዴ በራሱ ከመጀመሩ በፊት `use-application-dns.net` የሚለውን ስም ለመረቡ ሰርቨር ያቀርባል፤ ስሙ የለም የሚል መልስ ካገኘ ይተወዋል። ፓይ-ሆል በመደበኛ ቅንብሩ ይህንኑ መልስ ይሰጣል። የአፕል ዕቃዎች ትራፊክ በሌላ ሰርቨር አዙሮ ለሚልከው አገልግሎትም ተመሳሳይ ምልክት አለ። ይሁን እንጂ እነዚህ ምልክቶች የሚሠሩት በአምራቹ ፈቃድ ነው። ተጠቃሚው ራሱ አገልግሎቱን በግልጽ ካበራ ወይም አንድ መተግበሪያ የራሱን ስም ፈቺ በውስጡ ይዞ ከመጣ ምልክቱ አይከበርም። የግላዊነት መጠበቂያ ተብሎ የተሠራው ምስጠራ ክትትልን የሚከላከለውን መስመጫ መዝለያ መሆኑ የዘርፉ ግልጽ ቅራኔ ነው፤ ጥያቄውን ከአገልግሎት ሰጪው ዓይን ይሰውራል፤ ከቤቱ ባለቤት ዓይንም እንዲሁ።

ቴሌቪዥኑ የተለየ ነበር። ቅንብሩ በራስ ሰር ላይ ነው፤ ዲኤችሲፒ የሰጠውን አድራሻ በትክክል ያሳያል፤ በመዝገቡ ላይ ግን የለም። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው አይፒ ስድስት ነው። ራውተሩ በዲኤችሲፒ ከሚናገረው ጎን ለጎን በአይፒ ስድስት መንገድ ለዕቃዎች ማስታወቂያ ይልካል፤ በዚያ ማስታወቂያ ውስጥም የዲኤንኤስ ሰርቨሩ እኔ ነኝ ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዕቃው ሁለት መንገድ ስለሚያገኝ በሁለተኛው ሊሄድ ይችላል። ይህን ለማወቅ በላፕቶፕ ላይ `nslookup` ብሎ የመለሰው ሰርቨር ማን እንደሆነ ማየት ይበቃል፤ `fe80` ብሎ የሚጀምር ረጅም አድራሻ ከወጣ የመለሰው መስመጫው ሳይሆን ራውተሩ ሊሆን ይችላል። በዚህ ቤት ላፕቶፑ 192.168.1.2ን ስላሳየ ይህ ምክንያት ወደቀ።

ሁለተኛው ምክንያት ቀረ፦ ቴሌቪዥኑ የተነገረውን ሰርቨር ትቶ ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈለትን የውጭ አድራሻ በቀጥታ ይጠይቃል። ይህን በራውተሩ ላይ ጥያቄውን በግድ በመመለስ መከላከል ይቻላል። ሊኑክስን መሠረት ባደረገና ሙሉ ፈቃድ በሚሰጥ ራውተር ላይ ሁለት ደንቦች ያስፈልጋሉ።

```
iptables -t nat -A PREROUTING -i br-lan ! -s 192.168.1.2 \
  -p udp --dport 53 -j DNAT --to-destination 192.168.1.2
iptables -t nat -A POSTROUTING -o br-lan -d 192.168.1.2 \
  -p udp --dport 53 -j MASQUERADE
```

የመጀመሪያው ደንብ ከቤቱ ወደ ውጭ በ53 በር በዩዲፒ የሚወጣውን ማንኛውንም የስም ጥያቄ ወደ መስመጫው ያዞራል፤ ከመስመጫው ከራሱ የሚወጣውን ግን ይተዋል፤ አለዚያ ጥያቄው በክብ ይዞራል። ሁለተኛው ደንብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ያለ እርሱ መስመጫው መልሱን በቀጥታ ለቴሌቪዥኑ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ ግን የጠየቀው 8.8.8.8ን ስለሆነ ከ192.168.1.2 የመጣውን መልስ እንግዳ ብሎ ይጥለዋል። ሁለተኛው ደንብ መልሱ በራውተሩ በኩል እንዲመለስና ከተጠየቀው ሰርቨር የመጣ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። ዋጋውም አለ፤ እንዲህ የተመለሱት ጥያቄዎች ሁሉ በመዝገቡ ላይ ከራውተሩ እንደመጡ ሆነው ይታያሉ።

የዚህ ቤት ራውተር ግን ይህን አይፈቅድም። አገልግሎት ሰጪዎች የሚያቀርቧቸው ብዙ ራውተሮች የዚህ ዓይነት ደንብ የሚጻፍበት ቦታ የላቸውም፤ የዲኤችሲፒውን የዲኤንኤስ ቦታ እንኳ የሚቆልፉ አሉ። የኋለኛው ሲያጋጥም የራውተሩን ዲኤችሲፒ አጥፍቶ መስመጫው ራሱ አድራሻ አዳይ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። የፊተኛው ግን ሌላ ራውተር ከመግዛት ውጭ መፍትሔ የለውም። በቤቱ የተወሰደው እርምጃ ትሑት ነበር፦ በቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ የዲኤንኤስ አድራሻው በእጅ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ በመዝገቡ ላይ ታየ፤ ማንም ሳይመለከተው ሌሊቱን ሙሉ ወደ አምራቹ ሰርቨሮች ሲጠይቅ ያደረ መሆኑም አብሮ ታየ።

ሁሉም ዕቃዎች መስመጫውን መጠየቅ ከጀመሩም በኋላ የማይታገድ ማስታወቂያ ይኖራል። የቪዲዮ ማስታወቂያ ዋነኛው ምሳሌ ነው። በዩቲዩብ ላይ ማስታወቂያውም ቪዲዮውም የሚመጡት ከአንድ ዓይነት የሰርቨር ስሞች ነው፤ ስሙን ማገድ ሁለቱንም ማገድ ይሆናል። ስም ብቻ የሚያየው መስመጫ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። ይህን የሚያግድ ዝርዝር አለኝ የሚል ሰው ቢገኝ በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ይበልጥ ረቂቅ የሆነው ማምለጫ በስሞች ሥርዓት ውስጥ ባለ አንድ ሕጋዊ ባሕርይ ይጠቀማል። አንድ ስም አድራሻ ከመያዝ ይልቅ የሌላ ስም ቅጽል ሊሆን ይችላል።

```
metrics.example.com.   CNAME   c7.tracker.example.
```

እዚህ ላይ ማሰሻው የሚያውቀው ስም የጎበኘው ድረ ገጽ ንዑስ ስም ነው፤ በእገዳ ዝርዝር ውስጥም አይገኝም። ቅጽሉ ሲፈታ ግን የሚደርሰው ከክትትል ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። ስሙ የድረ ገጹ ስለሆነ ለድረ ገጹ የተሰጡት ኩኪዎች ሁሉ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የመግቢያ ኩኪ ከመካከላቸው ካለ ጉዳቱ ከማስታወቂያ ያለፈ ነው። በ2021 በግላዊነት ቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ የቀረበው የዲሞቫና የባልደረቦቿ ጥናት ይህን ዘዴ እጅግ ከሚጎበኙት 10,000 ድረ ገጾች ውስጥ አሥር በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ አግኝቶታል። መስመጫው በዚህ ረገድ ብዙ ማሰሻዎች ከሚጠቀሙበት ማገጃ የተሻለ ቦታ ላይ ቆሟል። ቅጽሉ ሲፈታ ሰንሰለቱ በሙሉ በእጁ ስለሚያልፍ እያንዳንዱን ስም ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ይችላል። ፓይ-ሆል በ2020 ከወጣው አምስተኛ እትሙ ጀምሮ ይህን ያደርጋል፤ `c7.tracker.example` በዝርዝሩ ውስጥ ካለ `metrics.example.com` ተብሎ የቀረበው ጥያቄ ይታገዳል። ድረ ገጹ በቅጽል ፈንታ የክትትል ድርጅቱን ቁጥራዊ አድራሻ በቀጥታ በራሱ ስም ላይ ካስቀመጠ ግን ሰንሰለት ስለሌለ የሚመሳከር ነገር አይኖርም።

የእገዳ ዝርዝሩ ራሱም ሊታሰብበት ይገባል። ፓይ-ሆል ሲጫን የሚያቀርበው መደበኛ ዝርዝር እጅግ ብዙ ስሞች የያዘ ሲሆን ለአንድ ቤት ጥሩ መነሻ ነው። አዲስ ተጠቃሚዎች ብዙውን ጊዜ ሌሎች ዝርዝሮችን እየደራረቡ ቁጥሩን ወደ ሚሊዮኖች ያደርሱታል። ይህ እገዳውን በዚያው መጠን አያሳድገውም፤ ከተጨመሩት ስሞች አብዛኞቹ በቤቱ ውስጥ ማንም የማይጠይቃቸው ናቸው። የሚያድገው በስሕተት የሚታገደው ነው።

በምሳሌው ቤት በሦስተኛው ቀን አባት ቅሬታ አቀረቡ፤ በፍለጋ ውጤት ላይ ከላይ የወጣውን የዕቃ መሸጫ ሲነኩ ገጹ አይከፈትም። ልጅቷ ቅሬታውን በሰዓት አስደግፋ አጣራችው። አባቷ እንደገና እንዲሞክሩ አደረገች፤ ሰዓቱን ያዘች፤ በመዝገቡ ላይ የአባቷን ስልክ ብቻ ለይታ በዚያች ደቂቃ የታገደውን ተመለከተች። የተገኘው `www.googleadservices.com` ነበር። በፍለጋ ውጤት አናት ላይ የሚወጡት የተከፈለባቸው ማገናኛዎች ተጠቃሚውን ወደ ሻጩ ከማድረሳቸው በፊት በዚህ ስም በኩል ያልፋሉ፤ መተላለፊያው ሲታገድ መድረሻውም አብሮ ይቀራል። ከታች ያለው ያልተከፈለበት የዚያው ሻጭ ማገናኛ ግን ያለችግር ይከፈታል። ስሙን ለሁሉም መፍቀድ ወይም ለአባት ስልክ ብቻ መፍቀድ ይቻላል፤ ፓይ-ሆል ዕቃዎችን በቡድን ለይቶ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ደንብ ስለሚቀበል ሁለተኛው ተመረጠ። ሰዓቱ ሳይያዝ መዝገቡን ማሰስ ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ ስልክ በአንድ ሰዓት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሞችን ሊጠይቅ ይችላል። ችግሩ ከመስመጫው ይሁን ከሌላ ነገር በፍጥነት ለመለየት ደግሞ እገዳውን ለአጭር ጊዜ ማቆም ይበቃል።

```
pihole disable 5m
```

በአምስቱ ደቂቃ ውስጥም ገጹ ካልተከፈተ ጥፋቱ የመስመጫው አይደለም።

ልዩ ግምት የሚሰጠው ሌላው ነገር የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። መብራት ሲመለስ ራውተሩ ከመስመጫው ኮምፒውተር ቀድሞ ሊነሳ ይችላል፤ በመካከሉ ባሉት ጥቂት ጊዜያት ዕቃዎች ከመረቡ ጋር ተገናኝተው ስም የሚፈታላቸው ያጣሉ። ተጠቃሚው የሚያየው ምልክቱ ሙሉ የሆነ፣ ምንም ገጽ የማይከፍት ኢንተርኔት ነው። ይህ በራሱ ያልፋል። የማያልፈው በማከማቻ ካርዱ ላይ የሚደርሰው ነው፤ መስመጫው መዝገቡን ወደ ካርዱ በየጊዜው ስለሚጽፍ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ወይም መላው ካርድ ሊበላሽ ይችላል። ራውተሩንና ኮምፒውተሩን የሚይዝ አነስተኛ የኃይል ማጠራቀሚያ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል፤ የቅንብሩን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥም ካርዱ በተበላሸ ጊዜ ሥራውን ወደ ግማሽ ሰዓት ያወርደዋል።

የመዝገቡ ጉዳይ ከቴክኒክ አልፎ የቤተሰቡ ጉዳይ ይሆናል። የማስታወቂያ ድርጅቶች እንዳይከታተሉ ተብሎ የቆመው ኮምፒውተር የእያንዳንዱን የቤት ሰው የስም ጥያቄ ከነሰዓቱ ለወራት ያስቀምጣል። እናት በሌሊት ስለ የትኛው በሽታ የሚያትት ድረ ገጽ እንደከፈተች፣ ታናሽ ወንድም በፈተና ሰሞን ምን ላይ እንዳመሸ፣ አባት የትኛውን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ እንደሚመላለሱበት መቆጣጠሪያ ገጹን የሚከፍት ሰው ያነበዋል። የድረ ገጹ ስም ብቻ ቢታይም ስሙ ብዙ ይናገራል። መስመጫውን የሚያስተዳድረው ሰው ይህን ሥልጣን ፈልጎ ባያገኘውም በእጁ ነው፤ የቤቱ ሰዎች ደግሞ መዝገብ መኖሩን ላያውቁ ይችላሉ። ከመስመጫው ውጭም ያው ጥያቄ አለ፤ ያልታገዱት ስሞች አሁንም ወደ ውጭው ስም ፈቺ ይሄዳሉ፤ መስመጫው የቤቱን አሰሳ ከአገልግሎት ሰጪው አይሰውርም።

ፓይ-ሆል ለዚህ ከዜሮ እስከ ሦስት የሚደርሱ አራት የግላዊነት ደረጃዎች አሉት። በዜሮ ሁሉም ይታያል፤ በአንድ ስሞቹ ይሰወራሉ፤ በሁለት ስሞቹም ዕቃዎቹም ይሰወራሉ፤ በሦስት ጥቅል ቁጥር ብቻ ይቀራል። ችግሩ ከላይ የተገለጸው የአባትን ማገናኛ የማስተካከል ዓይነት ምርመራ የሚቻለው በዜሮ ደረጃ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። በምሳሌው ቤት የተወሰደው ውሳኔ መካከለኛ ነው። መዝገቡ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቤቱ ሰዎች ሁሉ እውቀት በዜሮ ላይ ቆየ፤ ቅሬታዎች ሲያልቁ ደረጃው ወደ ሁለት ከፍ ተደረገ። ደረጃውን ከፍ ማድረግ ቀድሞ የተጻፈውን አይሰርዝም፤ ስለዚህ የሁለቱ ሳምንታት መዝገብ በዚያው ዕለት ለብቻው ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ቅሬታ ሲመጣ ደረጃው ወደ ዜሮ የሚወርደው ቅሬታ አቅራቢው አጠገብ ተቀምጦ፣ ለዚያች ለአምስት ደቂቃ ሙከራ ብቻ ነው።